ከቡድን ፎቶ አንድ ሰው ማውጣት፦ ክሮፕ ወይስ ቆርጦ ማውጣት? ክፍተቱስ?

ሰማያዊት

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የቤተሰብ ፎቶ አለን። ሰባት ሰው ጎን ለጎን ቆሟል። ከግራ ስትቆጥሩ ስድስተኛው የእህቴ የቀድሞ ባል ነው። ከተለያዩ ቆይተዋል። እናቴ ፎቶውን አሳትማ ሳሎን ልትሰቅለው ትፈልጋለች፤ እሱ ግን ይውጣ ብላለች። ሌላ ፎቶ ምረጡ እንዳትሉኝ። አባታችን ከማረፉ በፊት ሁላችንም አንድ ላይ የተነሳነው ይሄን ብቻ ነው።

ፎቶው በስልክ የተነሳ ነው፣ 4000 በ3000 ፒክስል። ወርዱ 30 ሴንቲ ሆኖ ነው የሚታተመው። ሰባተኛዋና ጫፍ ላይ ያለችው አክስቴ ናት። ስለዚህ ከቀኝ በኩል ክሮፕ ካደረግኩ እሷም አብራ ትሄዳለች። ቆርጬ ካወጣሁት ደግሞ በእህቴና በአክስቴ መካከል ባዶ ቦታ ይቀራል። ሌላም አለ። እጁን በእህቴ ጀርባ አዙሮ ትከሻዋን ይዟል፤ ጣቶቹ በዚያኛው ትከሻዋ ላይ ይታያሉ። እሷም ወደ እሱ ትንሽ ዘንበል ብላለች።

ከኋላቸው የተጠረበ ድንጋይ ግንብ ነው ያለው። ጂምፕ መጠቀም እችላለሁ፣ ግን ባለሙያ አይደለሁም። የትኛው መንገድ ነው ሲያዩት የማያሳብቀው?

---

ዳግም_ሌንስ

ክሮፕ አድርጊው። ክሮፕ ሐቀኛ ነው፣ ምንም ነገር አትፈጥሪም፣ ያለውን ብቻ ታሳንሻለሽ። ቆርጦ ማውጣት ሁሌም ይነቃል። በስታሊን ዘመን እንኳ ሰው ሲጠሉ ፎቶውን ከጫፍ ይቆርጡት ነበር። ያ ዬዦቭ የሚባለውን የስታሊን የምስጢር ፖሊስ ኃላፊ ከቦዩ ዳር ፎቶ ላይ የከረከሙት እንደዚያ ነው። አክስትሽን ለብቻዋ ሌላ ፎቶ አንሺያትና አጠገቡ ስቀሉት።

---

ሰማያዊት

አክስቴን ከቤተሰቡ ፎቶ አውጥቼ አጠገቡ ብሰቅላት የሷ ጥፋት ምንድን ነው? እሱን ለማውጣት ሁለት ሰው ማውጣት አልችልም።

---

ባለ_ጨለማ_ክፍል

እህቴ፣ ፎቶ ማደስ የኖርኩበት ሥራ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ስለ ክሮፕ። ክሮፕ የሚያዋጣው ሦስት ነገር ሲገጣጠም ነው። የሚወጣው ሰው ጫፍ ላይ ሲቆም፣ በእሱና በጎረቤቱ መካከል አየር ሲኖር፣ እና እጁ በማንም ላይ ካልሆነ። ያንቺ ፎቶ አንዱንም አያሟላም። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ይሄ ነው፦ ክሮፕ የሚቆርጠው ሰውየውን ብቻ አይደለም። ከላዩ ያለውን ሰማይ፣ ከሥሩ ያለውን መሬት፣ ከሱ ወዲያ ያለውን ሁሉ ነው ይዞ የሚሄደው። ከዚያ የቀረው ሰው ትከሻው ከፍሬሙ ጋር ይጣበቃል። በግራ በኩል ሰፊ አየር፣ በቀኝ በኩል ምንም። ያን ጊዜ የሚያየው ሰው ሁሉ «ከዚህ ወዲያ ማን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ክሮፕም ክፍተት ይተዋል ማለት ነው። ክፍተቱ ግን ከፍሬሙ ውጭ ነው።

ቆርጦ ማውጣት ክፍተቱን መሃል ላይ ያስቀምጠዋል። የሞላሽው ግንብ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሰባት ሰው ተጠጋግቶ ቆሞ በአንድ ቦታ ብቻ የአንድ ሰው ስፋት ባዶ ሲሆን ዓይን ወዲያው እዚያ ያርፋል። አንድ ሰው በፎቶሽ ላይ በግምት ስንት ፒክስል ይይዛል? 430 ገደማ ከሆነ፣ 30 ሴንቲ ወርድ ላይ 3.2 ሴንቲ ባዶ ነው። ብዙ ነው።

ስለዚህ ሦስተኛ መንገድ አለ። ቦታውን አትሙይው፣ ዝጊው። አክስትሽን ወደ ግራ አስጠጊያት። ዝርዝሩን ለመጻፍ ግን ጥቂት ነገር ማወቅ አለብኝ። ብርሃኑ ከየት በኩል ነው? አክስትሽ ከሰውየው ፊት ናት ወይስ ከኋላው? የግንቡ ድንጋዮች ስፋታቸው እኩል ነው?

ለዳግም አንድ ነገር። የዬዦቭን ፎቶ ደግመህ እየው። እ.ኤ.አ. በ1937 በሞስኮ–ቮልጋ ቦይ ዳር ከቮሮሺሎቭ፣ ከሞሎቶቭና ከስታሊን ጋር ቆሞ የተነሳው ነው። እሱ ጫፍ ላይ ነበር። ክሮፕ ማድረግ ይቻል ነበር፣ ግን አላደረጉትም። ቆርጠው አውጥተው በቦታው ውሃና የቦዩን ግድግዳ ሳሉበት። ቢከረክሙት ኖሮ ስታሊን ጫፍ ላይ ተለጥፎ ይቀር ነበር። ያ ፎቶ የሚያሳየው ያልከውን ሳይሆን ተቃራኒውን ነው።

---

ዳግም_ሌንስ

ጥሩ፣ ተቀብያለሁ። ግን ሐቀኝነቱን በተመለከተ ያልኩት ልክ ነው። ክሮፕ ያደረገ ሰው ያልነበረ ነገር አላሳየም። አክስቷን ያስጠጋች ሰው ግን ያልተፈጠረ አቋቋም ፈጥራለች።

---

የወይዘሮ_ልጅ

እኔም ይሄው ነገር ደርሶብኛል። በመቀስ ከመቁረጣችሁ በፊት ደጋግማችሁ አስቡ። የእናቴ አልበም ውስጥ አንድ ትልቅ ፎቶ አለ። ማን እንደሆነ አላውቅም፣ አንዱ ሰው በመቀስ ዙሪያውን ተከርክሞ ወጥቷል። ኮፍያው፣ ትከሻው፣ ክንዱ ሳይቀር ቅርጹ በነጭ ቀርቷል። ልጅ ሆኜ አልበሙን ስገልጥ ከሁሉም ፊት ቀድሞ የማየው ያንን ነጭ ቅርጽ ነበር። ሌሎቹን ስም በስም አላስታውሳቸውም፣ እሱን ግን በቅርጹ አውቀዋለሁ። ቁመቱ ረዥም ነበር። በጎኑ የቆመችው ሴት ትከሻ ላይ ደግሞ ከአንጓው የተቆረጠ እጅ ቀርቷል። ማንም ሊነግረኝ የፈለገ የለም።

ስለዚህ ምክሬ መቀሱን አስቀምጪው ነው።

---

ሰማያዊት

አመሰግናለሁ እህቴ። የኛ በወረቀት አይደለም፣ በስልክ ነው ያለው። እጁን ያልሽው ግን አስደነገጠኝ፣ የኛም እንደዚያው ነውና።

ባለ ጨለማ ክፍል፣ ይኸው መልሴ። ፀሐይዋ ከግራ ናት፣ ጥላችን ሁሉ ወደ ቀኝ ይወድቃል። አክስቴ ከሱ በትንሹ ወደፊት ናት፣ እህቴም እንደዚያው። እሱ በሁለቱ መካከል ትንሽ ወደኋላ ነው የቆመው። የግንቡን ድንጋዮች ለካሁ። አንዱ ድንጋይ 205 ፒክስል ገደማ ይሆናል፣ ሁሉም ተመሳሳይ ነው። ካሜራው ከግንቡ ፊት ለፊት ነበር። እሱ ከ2600 እስከ 3030 ፒክስል ያለውን ቦታ ይይዛል፣ አክስቴ ከ3030 እስከ 3460።

---

ፈጣን_ጣት

ለምን ትደክማላችሁ? ፎቶሾፕ ውስጥ ሰውየውን ከብበሽ ዙሪያውን አይቶ ራሱ እንዲሞላው ታዢዋለሽ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ከባህር ዳርቻ ፎቶ ላይ መንገደኛ ሁሉ አጥፍቻለሁ፣ ማንም አላወቀም።

---

ባለ_ጨለማ_ክፍል

ፈጣን ጣት፣ ለባህር ዳርቻ ያልከው ይሠራል። አሸዋና ውሃ የቱም ቦታ ቢቀዳ ያው ነው፤ መንገደኛው ደግሞ ማንንም አልነካም። እዚህ ግን መሣሪያው የሚቀዳው ከአጠገቡ ካለው ነው። አጠገቡ ያለው የእህቷ ፀጉርና የአክስቷ ቀሚስ ነው። ካልከለከልከው የቀሚሱን ቁራጭ ግንቡ ላይ ይለጥፈዋል። ብትከለክለው እንኳ የድንጋዩን መጋጠሚያ አያውቅም፣ አንዱ ድንጋይ ረዝሞ ሌላው ተጎርዶ ይወጣል። ከሁሉም በላይ ግን 3.2 ሴንቲ ባዶው እንዳለ ነው። ግንቡን በደንብ ሞላህ ማለት ክፍተቱን ዘጋህ ማለት አይደለም።

ሰማያዊት፣ የነገርሽኝ ሁሉ መልካም ዜና ነው። በተለይ ካሜራው ከግንቡ ፊት ለፊት መሆኑ። ግንቡ ለካሜራው ሰያፍ ቢሆን ኖሮ ድንጋዮቹ እየራቁ ሲሄዱ ስለሚያንሱ ማስጠጋት አይቻልም ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዋናውን ፋይል አትንኪው፣ ቅጂ ላይ ሥሪ። ጨርሰሽ እስክታወጪው ድረስ በጂምፕ በራሱ ፋይል አስቀምጪ እንጂ ደጋግመሽ ጄፔግ አታድርጊው።

መጀመሪያ ጣቶቹ። ከሁሉም በፊት ይሄን ጨርሺ፣ ምክንያቱም የቀረ ጣት የቀረውን ሥራ ሁሉ ገደል ይከተዋል። የእህትሽን ሌላኛውን ትከሻ ጨርቅ ቅጂ፣ በመስታወት እንደሚታይ ገልብጪው፣ ጣቶቹ ላይ አልብሺው። አንድ ችግር ግን አለ። የቀዳሽው ትከሻ ከፀሐይ በተቃራኒ ያለው ስለሆነ ጠቆር ይላል። ከለጠፍሽው በኋላ ጠርዙ ሳይሆን መሃሉ እስኪስማማ ድረስ ብሩህ አድርጊው። ጣቶቹ ልብሱን ስለጨመደዱት ከሥራቸው የሚወርድ ሽብሽብ ይኖራል። እሱንም አለስልሺው። ጣት የሌለበት የጣት ሽብሽብ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ቀጥሎ ማስጠጋቱ። ሙሉውን ምስል ቅጂና ከላይ እንደ ሁለተኛ ሌየር አስቀምጪው። ያንን የላይኛውን ወደ ግራ 410 ፒክስል ግፊው። ልክ 410፣ ማለትም ሁለት ድንጋይ። 400 ካደረግሽው መጋጠሚያዎቹ 10 ፒክስል ይዛነፋሉ፣ ያም ከሩቅ ይታያል። በሙሉ ድንጋይ ብዛት ከገፋሽ ግን የድንጋዩ ረድፍ ሁሉ ይገጥማል፣ አንዱ ረድፍ ከሌላው በግማሽ ድንጋይ ተዛንፎ የተገነባ ቢሆን እንኳ።

አሁን ከላይኛው ሌየር ላይ ማስክ አድርጊና ከእህትሽ ጀምሮ ወደ ግራ ያለውን ደብቂ። ወሰኑ የእህትሽ የቀኝ ጠርዝ ነው፤ ፀጉሯ፣ ትከሻዋ፣ ክንዷ፣ የቀሚሷ ጎን። ከሷ ፊት ስላልቆመ ሰውነቷ ሙሉ ነው። በቀኝ ጫፍ የሚተርፈውን 410 ፒክስል ቁረጪው። አክስትሽ ከ2620 እስከ 3050 ላይ ትቆማለች። ማለትም እሱ የነበረበትን ቦታ ትይዛለች። ቁመቱ ከሷ ቢበልጥ እንኳ ችግር የለም፤ ከሷ በላይ ያለው ግንብ አብሯት ስለሚመጣ ጭንቅላቱን ይሸፍነዋል።

ይሄ ከመሙላት የሚሻልበት ትልቁ ምክንያት ምን መሰለሽ? ግንቡን አልደገምሽውም። ስትሞዪ ከሌላ ቦታ ስለምትቀጂ ድንጋዩ ላይ ያለች እድፍ ሁለት ቦታ ትታያለች። ስታስጠጊ ግን አንድ ቁራጭ ግንብ ከመሃል ወጣ እንጂ የተደገመ ነገር የለም።

---

ምንጭ

ስለ አሠራሩ የምጨምረው የለኝም። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። እህትሽ ከሱ ልጆች አሏት?

---

ሰማያዊት

አዎ፣ አንድ ወንድ ልጅ። ፎቶው ሲነሳ ገና አልተወለደም ነበር።

---

ምንጭ

ታዲያ ያ ልጅ አያቱ ሳሎን ገብቶ ያንን ግድግዳ ያያል። አሁን ባያውቅም ዋናውን ፎቶ አንድ ቀን ማግኘቱ አይቀርም። የተነሳበትን ግንብ፣ የአክስትሽን ቀሚስ፣ የእናቱን ፈገግታ ያውቀዋል። አባቱ ብቻ በአንዱ አለ፣ በሌላው የለም። እኔ ብሆን ወይ ፎቶውን እንዳለ እሰቅለው ነበር፣ ወይ አባታችሁን ብቻውን ከሱ ላይ ክሮፕ አድርጌ አሳትመው ነበር። ዳግም ሐቀኛ ያለው ክሮፕ ያ ይመስለኛል። ማንንም አያጠፋም፣ አንድ ሰው ይመርጣል።

---

የወይዘሮ_ልጅ

ምንጭ ያልከው ገብቶኛል። ግን የእናቷም ነገር አለ። ባሏን ያጣች ሴት በየቀኑ ልጇን ያስለቀሰ ሰው ፊት እያየች ቡና እንድትጠጣ ማን ያስገድዳታል? ለልጁ ዋናውን ፎቶ አሳትመው ለብቻው ይስጡት።

---

ምንጭ

ይስጡት፣ እሱ ጥሩ ነው። ብቻ ሲሰጡት ማብራሪያውም አብሮ ይሁን። የተሰቀለው የትኛው እንደሆነና ለምን እንደሆነ ከሌላ ሰው መስማት የለበትም።

---

ሰማያዊት

ምንጭ፣ ይሄን ለእህቴ ነግሬያታለሁ። እሷም እያሰበችበት ነው። ውሳኔው የሷና የእናቴ ነው፣ እኔ የማውቀው ከተሠራ በደንብ ይሠራ የሚለውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ጣቶቹ ወጥተዋል፣ ማስጠጋቱም ገጥሟል፣ ድንጋዩ ልክ ነው። ሦስት ነገር ግን አልጣመኝም። አንደኛ፣ የእህቴ ፀጉር ጠርዝ ላይ ጥቁር መስመር ቀርቷል። ሁለተኛ፣ አክስቴ ቀሚስ ላይ ጥላ አለ፣ ከትከሻዋ ጀምሮ ሰያፍ ሆኖ ይወርዳል። የሱ ጥላ ነው። ሦስተኛውን እንዴት እንደምለው አላውቅም፣ አክስቴ የወፈረች መሰለኝ።

---

ባለ_ጨለማ_ክፍል

ሦስቱም የሚጠበቁ ናቸው።

ፀጉሩ። ከኋላው የነበረው የሱ ጥቁር ጃኬት ነበር ማለት ነው። በፀጉሮቿ መካከል የሚታየው ጃኬቱ እንጂ ፀጉር አይደለም። አሁን ከኋላዋ የነጣ ግንብ ስለመጣ ጥቁሩ እንደ ቀለም መስመር ጎልቶ ታየ። የማስኩን ወሰን ጥቂት ፒክስል ወደ ፀጉሩ ውስጥ አስገቢው። ከዚያ ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ ስለሚመስል፣ አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ውፍረት ባለው ብሩሽ ጥቂት ነጠላ ፀጉሮችን ከውስጥ ወደ ውጭ ሳቢ። ቀለሙን ከራሷ ፀጉር ውሰጂ። ብዙ አታድርጊ፣ አምስት ስድስት ይበቃል።

ጥላው። ሙሉ በሙሉ እንዳታጠፊው። አሁን ከአክስትሽ በግራ እህትሽ ቆማለች፣ ፀሐይዋም ከግራ ናት። የእህትሽ ጥላ አክስትሽ ላይ መውደቁ ትክክል ነው። ችግሩ ቁመቱ ብቻ ነው። እሱ ረዥም ከነበረ ጥላው ከፍ ብሎ ይጀምራል። ሌሎች ሁለት ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች ፎቶው ላይ ፈልጊና፣ የእህትሽን ቁመት የሚያህል ሰው ጥላው ጎረቤቱ ላይ የት እንደሚጀምር እዪ። ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ አብሪው። ጥላ ስታበሪ ብርሃኑን ብቻ አትጨምሪ። ጥላ ውስጥ ያለ ጨርቅ ወደ ሰማያዊ ያደላልና ትንሽ ሙቀት ጨምሪበት። መሬቱ ላይም እንዲሁ እግሮቹ የነበሩበትን ፈትሺ፣ የሱ ጫማ ጫፍ ከአክስትሽ ጫማ አጠገብ ይቀራል።

የወፈረችው። ዓይንሽ አልተሳሳተም። የስልክ ሌንስ ሰፊ ስለሆነ ጫፍ ላይ የቆመን ሰው ወደ ጎን ይለጥጠዋል። ጫፍ ላይ እያለች ዓይን ይለምደዋል፤ ወደ መሃል ስትጠጋ ከጎረቤቷ ጋር ሲወዳደር ይታወቃል። እሷን ብቻ ቆርጠሽ በወርድ ሁለት ወይም ሦስት በመቶ አጥብቢያት። ግንቡን አትንኪው፣ ድንጋዩ ይዛነፋል።

ስትጨርሺ ምስሉን በመስታወት እንደሚታይ ገልብጪና ጠዋት እዪው። የለመድሽው ስህተት ሲገለበጥ አዲስ ሆኖ ይታያል። እጆችን ቁጠሪ፣ ጫማዎችን ቁጠሪ።

---

ፈጣን_ጣት

እሺ፣ ይሄ ግማሽ ደቂቃ አይደለም። ግን አንድ ጥያቄ። እህቷ ወደ እሱ ዘንበል ብላ ነበር አላለችም? ያንን ምን ልታደርግ ነው? ጭንቅላቷን ታቃናው?

---

ባለ_ጨለማ_ክፍል

በፍጹም። ጭንቅላት ማቃናት አንገትን፣ አገጭን፣ የጆሮ ጌጥን ሁሉ ያበላሻል። የማስጠጋት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ቦታውን ሞልታ ብትተወው ኖሮ እህቷ ወደ ባዶ ግንብ ዘንበል ብላ ትቀር ነበር። ሰውየው ባይታይም ሰውነቷ እየጠቆመው ነው። አክስቷ ስትጠጋ ግን ዘንበል ማለቷ ወደ አክስቷ ሆነ። ሰው ከቡድን ፎቶ ሲወጣ ቦታው ላይ ብቻ አይደለም ባዶ የሚተወው። ጎረቤቶቹ ላይ ነው፣ በትከሻቸው፣ በአቋቋማቸው፣ በዓይናቸው። ያንን ግንብ በመሙላት አትዘጋውም፣ ሌላ ሰው በማምጣት እንጂ።

---

ዳግም_ሌንስ

እኔን የሚያስቸግረኝ ይሄ ነው። እህቷ ባሏ ላይ ነበር የተደገፈችው። አሁን አክስቷ ላይ ተደገፈች ብለን እናሳያለን። የግንቡ ድንጋይ ሳይሆን ይሄ ነው ትልቁ ለውጥ። ባዶው ቢቀር ቢያንስ አንድ ነገር መኖሩን ይናገራል።

---

ሰማያዊት

ዳግም፣ ቃልህን ለእህቴ አነበብኩላት። ባዶ ግንብ ላይ ዘንበል ብላ ከመታየት አክስቷ ላይ ብትደገፍ እንደምትመርጥ ነገረችኝ። በዚያ ሰሞን የደገፈቻት እውነትም አክስቴ ናት።

ፀጉሩና ጥላው ተስተካክሏል። አክስቴም በወርድ ሦስት በመቶ ጠብባለች። አሁን ምስሉ 3590 በ3000 ሆነ። ለ30 ሴንቲ ይበቃል ብዬ አሰላሁት፣ በኢንች 304 ፒክስል ይደርሳል። ቁመቱን ለፍሬሙ እንዲመጥን ከላይ ከሰማዩ 308 ፒክስል ልቆርጥ ነው፣ 2692 ይሆናል።

አሁን ግን ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። እናቴ አይታው ዝም አለችና «አባትሽ መሃል ነበር» አለች።

---

የወይዘሮ_ልጅ

እናቶች የሚያዩት ነገር!

---

ባለ_ጨለማ_ክፍል

ልክ ናቸው። ሰባት ሰው ሲቆም አራተኛው መሃል ነው፣ በግራው ሦስት፣ በቀኙ ሦስት። ስድስት ሰው ሲሆን ግን መሃል የሚሆን ሰው የለም። በግራው ሦስት፣ በቀኙ ሁለት ቀረ። ክፍተቱን ከመሃል ዘግተን ወደ ሚዛኑ አስተላለፍነው።

በቁጥር እንየው። የአባትሽ መሃል በግምት 1955 ላይ ነው። ድሮ የምስሉ መሃል 2000 ነበር፣ ልዩነቱ አይታወቅም። አሁን የምስሉ መሃል 1795 ነው። ስለዚህ ወደ ቀኝ 160 ፒክስል ወጥተዋል፣ ሲታተም 1.3 ሴንቲ ገደማ። ሰዎቹን በጅምላ ካየሽ ግን ከ450 እስከ 3050 ናቸው፣ የቡድኑ መሃል 1750 ነው። ከምስሉ መሃል ጋር ተቀራርቧል። ማለትም ቡድኑ መሃል ነው፣ አባትሽ ግን አይደሉም።

አባትሽን መሃል ለማድረግ ከግራ 320 ፒክስል መቁረጥ አለብሽ። ያን ጊዜ ከግራ ጫፍ ለቆመው ሰው 130 ፒክስል ብቻ አየር ይቀርለታል፣ በቀኝ በኩል 540። የተከረከመ ይመስላል። እንደኔ ቡድኑን መሃል አድርጊና አባትሽን ተዪያቸው። ግድግዳ ላይ ያለ ፎቶ በመጀመሪያ የሚታየው በጅምላ ነው።

---

ዳግም_ሌንስ

ፎቶው የሚታተመው ለማን ነው? ለአባታቸው ነው። እንግዲያው እሳቸው ናቸው መሃል መሆን ያለባቸው። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ቦታውን ሞልቶ ባዶ መተው አባትየውን መሃል ያስቀራቸዋል። እዚያ ላይ የመጀመሪያው ሐሳብ፣ ቆርጦ አውጥቶ ግንብ መሙላት፣ ይሻላል ማለት ነው። 3.2 ሴንቲ ግንብ ይታያል፣ ግን አባትየው አልተንቀሳቀሱም።

---

ፈጣን_ጣት

ወይ ደግሞ መሃል መንገድ። ከግራ 160 ይቆረጥ። አባትየው 80 ፒክስል ብቻ ይወጣሉ፣ ግራ በኩል 290 አየር ይቀራል። ከቀኝም ትንሽ ቢነሳ ያምራል።

---

ባለ_ጨለማ_ክፍል

ከቀኝ ካነሳህ አባትየው ተመልሰው ከመሃል ይርቃሉ፣ ፈጣን ጣት። ከግራ ብቻ 160 የሚለው ግን የሚሞከር ነው። ወርዱ 3430 ይሆናል፣ በኢንች 290፣ ለማተም ምንም አይለው። ቁመቱ 2572 ይሆንና ከሰማዩ ላይ ተጨማሪ ይነሳል። የዳግምን ሐሳብ ግን አልቀበልም። የእህቲቱ ዘንበል ማለት ብቻውን ያንን ባዶ ያሳብቀዋል።

---

ሰማያዊት

ሦስቱንም በትንሽ ወረቀት አትሜ እናቴ ፊት ደረደርኩላት፤ ባዶው የተሞላውን፣ የተጠጋውን፣ እና ከግራ 160 የተቆረጠውን። ባዶው የተሞላውን ወዲያው መለሰችው፤ ጣቷን ግንቡ ላይ አድርጋ «እዚህ ጋ ቆሟል» አለች። ከሁለቱ አልመረጠችም። እህቴ የተጠጋውን ትላለች፣ ወንድሜ የ160ውን። ዋናው ፎቶ ለእህቴ ልጅ ታትሞ እህቴ ጋ ተቀምጧል፤ መቼ እንደምትሰጠው እሷ ታውቃለች።

ባለ ጨለማ ክፍል፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ከግራ 160 ስቆርጥ ወንድሜ ከጀርባው ያስቀመጠው ቦርሳ ግማሹ ጫፍ ላይ ይቀራል። ቦርሳውን በክሎን ላውጣው ወይስ ከ160 ወደ 190 ልሂድ?

---

ባለ_ጨለማ_ክፍል

ወደ 190 ሂጂ። ማንም ላይ ያልተደገፈ ቦርሳ ነው፣ ክሮፕ ይበቃዋል።